ከ0.9 ቀጥሎ ምን ይመጣል?

አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ የሠራው የልምምድ ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ «ከሁለቱ ቁጥሮች የሚበልጠውን አክብብ» ይላል። አሥር ጥያቄ፣ ስምንት ራይት፣ ሁለት ኤክስ። ልጁ ከ0.3 እና ከ0.8 መካከል 0.8ን፣ ከ0.75 እና ከ0.5 መካከል 0.75ን፣ ከ5.87 እና ከ5.6 መካከል 5.87ን አክብቧል። የተሳሳተው 0.25 ከ0.4፣ 3.125 ደግሞ ከ3.7 ይበልጣል ባለበት ላይ ብቻ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ! ትንሽ ጥንቃቄ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል።

የሚከነክነኝ ይህ «ጥንቃቄ» የሚለው ነገር ነው። ልጁ ጥንቃቄ አልጎደለውም። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው የተጓዘው በአንድ መንገድ ነው፤ ከነጥቡ በስተቀኝ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ያነባል፣ ከዚያ ትልቁን ይመርጣል። 8 ከ3 ይበልጣል፣ 75 ከ5 ይበልጣል፣ 87 ከ6 ይበልጣል። በዚያው መንገድ 25 ከ4 ይበልጣል፣ 125ም ከ7 ይበልጣል። ራይቱንም ኤክሱንም ያመጣው ያው አንድ ዘዴ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ «ይህ ልጅ የአስርዮሽ ቁጥሮችን 80 በመቶ ያውቃል» አይለንም። የሚለን፣ ልጁ የአስርዮሽ ቁጥሮችን ገና ሳያገኛቸው በሚያውቀው ነገር እንዳስተናገዳቸው ነው።

በልጆች የአስተሳሰብ ዕድገት ጥናት ውስጥ አሲሚሌሽንና አኮሞዴሽን የሚባሉትን ሁለት ነገሮች፣ በተለምዶ ማዋሃድና ማስተካከል የምንላቸውን፣ ከዚህ ወረቀት የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ምሳሌ ላም አይቶ «ውሻ» የሚለው ሕፃን ነው። ምሳሌው ስህተት የለበትም፤ ግን ልጁ ወዲያው ታርሞ ነገሩ ያበቃል። የአስርዮሽ ቁጥር ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ በመካከሉ የሚሆነውም በደብተር ላይ ይታያል።

አሮጌው ዕውቀት አዲሱን ሲቀበል

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1920 ገደማ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የችሎታ ፈተና ሲሰጥ ትኩረቱን የሳበው ትክክለኛው መልስ አልነበረም። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት ተመሳሳይ ስህተት መሆኑ ነው የገረመው። ስህተት በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ የተበታተነ በሆነ ነበር፤ ተመሳሳይ ከሆነ ግን ከጀርባው ሥርዓት አለ። ፒያዤ የሠለጠነው በሥነ ሕይወት፣ በተለይም በቀንድ አውጣ መሰል እንስሳት ላይ ነበርና ማዋሃድና ማስተካከል የሚሉትን ሐሳቦችም ከዚያው አመጣቸው። ምግብ ወደ ሰውነት ሲገባ የሰውነት አካል ይሆናል፤ ሰውነትም በበኩሉ ምግቡን ለመቀበል ራሱን ያስተካክላል። አእምሮም አዲስ ነገርን ካለው ዕውቀት ጋር ያዋህዳል፤ የያዘው አልበቃ ሲለው ደግሞ የያዘውን ራሱን ይቀይራል።

የእኛ ልጅ ወደ አስርዮሽ ቁጥር የመጣው ባዶ እጁን አይደለም። ሦስት አራት ዓመት ሙሉ ሙሉ ቁጥሮችን ሲቆጥር፣ ሲደምር፣ ሲያወዳድር ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሕግ አንድም ቀን ከድቶት አያውቅም፤ ብዙ አሃዝ ያለው ሙሉ ቁጥር ምንጊዜም ትንሽ አሃዝ ካለው ይበልጣል። 125 ከ7 ይበልጣል፣ 1000 ከ999 ይበልጣል። ይህንን ማንም በቃል አላስጠናውም፤ በሺህ ጊዜ አጠቃቀም ራሱ የደረሰበት ነው። በዚህ መሐል ነጥብ ያለው ቁጥር ይመጣል። ልጁ 3.125ን ሲያይ የሚያየው በነጥብ የተለያዩ ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ነው፤ በግራ 3፣ በቀኝ 125። አዲሱ ነገር አሮጌው ቤት ውስጥ ገባ፣ ቤቱም አልፈረሰም። ይህ ማዋሃድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ማዋሃድና ማስተካከል አንዱ ሲያበቃ ሌላው የሚጀምር ሁለት ደረጃዎች አይደሉም፤ በእያንዳንዱ ተግባር ውስጥ አብረው ይገኛሉ፣ የሚለያየው ሚዛናቸው ነው። ልጃችን 3.125ን ሲያነብ ከሞላ ጎደል ሲያዋህድ ቢሆንም ጥቂት ማስተካከል ግን አድርጓል፤ ነጥብ የሚባል ምልክት በቁጥር መሐል ሊገባ እንደሚችል ተቀብሏል፣ ከግራ ያለውንም አስቀድሞ ማወዳደር እንዳለበት ያውቃል። ማዋሃድን የስንፍና ወይም የድክመት ምልክት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ልጁ አሮጌውን ሕግ ባይሞክር ኖሮ ስለ 3.125 የሚያስበው ነገር ባልኖረውም ነበር፤ የሚስተካከለውም ነገር አይኖርም።

ሦስት ጥንድ ቁጥሮች

ልጁ ያለበትን ለማወቅ ረጅም ፈተና አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የቁጥሮቹ አመራረጥ ነው። ሎረን ሬስኒክና ባልደረቦቿ በፈረንሳይ፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ልጆች ላይ ሠርተው በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች አስርዮሽን ሲያወዳድሩ የሚሳሳቱት በጥቂት ቋሚ ሕጎች እንደሆነ አሳይተዋል። የመጀመሪያው ያየነው የሙሉ ቁጥር ሕግ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ብዙ አሃዝ ያለው ይበልጣል። ሁለተኛው የዜሮ ሕግ ነው፤ ልጁ አሁንም በሙሉ ቁጥር ሕግ ይመራል፣ ነገር ግን ከነጥቡ ቀጥሎ ወዲያው ዜሮ ካየ ያ ቁጥር ትንሽ ነው ይላል። ሦስተኛው የክፍልፋይ ሕግ ነው፤ አንድ መቶኛ ከአንድ አስረኛ እንደሚያንስ ያወቀ ልጅ «ብዙ አሃዝ ካለው ቁርጥራጮቹ ደቃቅ ናቸው፣ ስለዚህ ያንሳል» ብሎ አጭሩን ይመርጣል።

እነዚህን ሦስቱን ሕጎች ለመለየት ሦስት ጥንድ ይበቃል፤ 4.8 ከ4.63 ጋር፣ 2.08 ከ2.5 ጋር፣ 1.35 ከ1.3 ጋር። በሙሉ ቁጥር ሕግ የሚሄድ ልጅ መጀመሪያ 4.63ን ይመርጣል፣ 63 ከ8 ይበልጣልና። ቀጥሎ 2.08ን ይመርጣል፣ «08» ለእሱ 8 ነው፣ ከ5 ይበልጣል። በሦስተኛው 1.35 ብሎ ትክክል ይመልሳል። የዜሮ ሕግ ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ይስታል፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያገኛል። የክፍልፋይ ሕግ ያለው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አግኝቶ ሦስተኛውን ይስታል፤ 1.3 አጭር ነውና ይበልጣል ይላል። ሦስቱንም ያገኘ ልጅ ከሦስቱ ወጥመዶች ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ በግምት እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ግን በሌላ ቀን በሌሎች ቁጥሮች መድገም ያስፈልጋል።

አሁን ውጤቱን እንቁጠር። የሙሉ ቁጥር ሕግ ከሦስት አንድ ያስገኛል፤ የዜሮና የክፍልፋይ ሕጎች ከሦስት ሁለት። ሁለቱ ልጆች እኩል ነጥብ አገኙ፤ ያሉበት ቦታ ግን እጅግ ይለያያል። አንደኛው ሙሉ ቁጥርን እንደያዘ አንድ ልዩ ሁኔታ ጨምሯል። ሌላኛው ከነጥቡ በስተቀኝ ያለው ነገር የአንድ ቁራጭ መሆኑን አውቋል፤ የጎደለው የቁራጩን መጠንና የቁራጮቹን ብዛት አብሮ ማየት ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ እንደ 4.8 እና 4.63 ያሉ ቢሆኑ ደግሞ የክፍልፋይ ሕግ ያለው ልጅ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ እኔ ከተሳሳተ መልስ ይልቅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ላይ የተገኘ ራይት ያሳስበኛል።

በዚያው ጥናት ውስጥ የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። የክፍልፋይ ሕግ በፈረንሳይ ልጆች ዘንድ እምብዛም አልታየም፤ በአሜሪካና በእስራኤል ልጆች ዘንድ ግን ታይቷል። ፈረንሳይ ውስጥ በዚያን ጊዜ አስርዮሽ የሚሰጠው ከክፍልፋይ በፊት ነበር፤ በሌሎቹ አገሮች ክፍልፋይ ይቀድማል። ልጁ የሚያዋህደው ካለው ነገር ጋር ነውና፣ ክፍልፋይን ገና ያልያዘ ልጅ በክፍልፋይ ምክንያት ሊሳሳት አይችልም። ስህተቱ ከአዲሱ ትምህርት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ምን እንደነበረም ይነግረናል።

0.7፣ 0.8፣ 0.9...

ከሁሉ በላይ ቆም ብዬ የማስብባት ቅጽበት ግን ማወዳደር ላይ አይደለም፣ መቁጠር ላይ ነው። ልጁ 0.1 እየጨመረ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ይጠየቅ። 0.1፣ 0.2፣ 0.3 እያለ ያለ ችግር ይሄዳል። 0.7፣ 0.8፣ 0.9። በዚህ ጊዜ ያለ ምንም ማመንታት «ዜሮ ነጥብ አሥር፣ ዜሮ ነጥብ አሥራ አንድ» ብሎ ይቀጥላል። 0.5 እና 0.7ን ደምር ሲባል 0.12 ብሎ የሚጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራው በራሱ ውስጥ ፍጹም ወጥ ነው፤ ከ9 ቀጥሎ 10 ነው፣ 5 እና 7 ደግሞ 12 ነው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። አሮጌው ሕግ እየሠራለት ልጁ ሌላ ሕግ የሚፈልግበት ምክንያት የለም። አንድ ነገር ሊያናውጠው ይገባል፤ ያ ነገርም ከመምህሩ አፍ ባይወጣ ይመረጣል። ካልኩሌተር ላይ 0.1 + 0.1 = ብሎ ይጀምርና ከዚያ + 0.1 = እያለ ይቀጥል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በፊት ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ስምንት ጊዜ ትንቢቱ ይያዝለታል። 0.9 ላይ ሲደርስ «0.10» ብሎ ይጽፋል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ መስታወቱ ላይ 1 ይመጣል።

ቀድሞ መጻፉ ወሳኝ ነው። ሳይጽፍ ቢጫን ኖሮ 1 መምጣቱን አይቶ «አዎ፣ እንደዚያ መስሎኝ ነበር» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህንን የሚለው ዋሽቶ አይደለም፣ ከልቡ እንደዚያ የጠበቀ ይመስለዋል። በራሱ እጅ የጻፈው 0.10 ከ1 ጎን ሲቀመጥ ግን አለመግባባቱ በእሱና በመምህሩ መካከል ሳይሆን በእሱና በእሱ መካከል ይሆናል። ፒያዤ የሚዛን መናጋት የሚለው ይህንን ነው።

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ «ሚዛኑ ስለተናጋ ልጁ አስተሳሰቡን አስተካከለ» ብለው ያቆማሉ። ነገሩ እንዲያ ቀላል ቢሆን ምነኛ ጥሩ ነበር። ፒያዤ ራሱ በ1975 ስለ ሚዛን ባሳተመው ሥራው፣ ሰው የሚያናውጠው ነገር ሲገጥመው የሚሰጠውን ምላሽ አልፋ፣ ቤታ እና ጋማ ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ሦስቱንም በዚህች የ1 ቅጽበት ላይ ማየት ይቻላል።

የአልፋ ምላሽ ነገሩን ገፍቶ ማስወጣት ነው። ልጁ «ሁለቴ ጫንኩት መሰለኝ» ይላል፣ ሰርዞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወይም «ካልኩሌተሩ ተበላሽቷል» ይላል። ወይም ምንም ሳይል 1ን እንደ አዲስ መነሻ ወስዶ 1.1፣ 1.2 እያለ ይቀጥላል። የሙሉ ቁጥር ሕጉ አልተነካም። ይህ ምላሽ ሲታይ «አላየህም እንዴ?» ብሎ መጎትጎት አይጠቅምም፤ ልጁ ሌላ ካልኩሌተር ወስዶ በራሱ እንዲሞክር መተው ይበልጣል፣ ምክንያቱም «ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ ሊፈተሽ የሚችል ጥሩ ሐሳብ ነው።

የቤታ ምላሽ ነገሩን አስገብቶ ጥቂት ማሻሻያ ማድረግ ነው። «ከ0.9 በኋላ ወደ ሙሉ ቁጥር ይዘላል» ይላል። አሁን 0.9 ላይ ሲደርስ አይሳሳትም፣ 1.9 ላይም ምናልባት 2 ይላል። ግን 0.01 እየጨመረ 0.08፣ 0.09 ላይ ሲደርስ ያንኑ ሕግ ይዞ «1» ሊል ይችላል። ያደረገው ማስተካከል እውነተኛ ነው፤ አንድ ልዩ ሁኔታ ተጨምሯል፣ ከሥሩ ያለው አስተሳሰብ ግን እንዳለ ነው። ቀደም ብለን ያየነው የዜሮ ሕግም የዚህ ዓይነት ጥገና ነው። ይህ በሒሳብ ብቻ የሚታይ አይደለም። ስቴላ ቮስኒያዱና ዊልያም ብሩወር በ1992 ባሳተሙት ጥናት 60 ተማሪዎችን ስለ ምድር ቅርጽ ጠይቀው ነበር። «ምድር ክብ ናት» የሚለውን ትምህርት የሰሙ፣ ግን በየቀኑ ጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚሄዱ ልጆች ሁለቱን ለማስማማት አንዳንዶቹ ምድርን እንደ ጠፍጣፋ ክብ ሠሯት፤ ሌሎቹ ደግሞ ውስጧ ክፍት ኳስ አድርገው ሰዎቹን በውስጧ ባለ ጠፍጣፋ መሬት ላይ አኖሯቸው። እነዚህ ልጆች ትምህርቱን አልናቁትም፤ ያላቸውን ሳያፈርሱ ቦታ ሰጡት።

የጋማ ምላሽ ሲመጣ የሚያናውጠው ነገር አያናውጥም፤ ልጁ ቀድሞ ይጠብቀዋል። «አሥር አስረኛ ሲሞላ አንድ ሙሉ ይሆናል፤ አሥር መቶኛ ሲሞላ አንድ አስረኛ ይሆናል» የሚለው አሠራር በእጁ ስለገባ፣ ከ0.09 ቀጥሎ 0.1፣ ከ0.99 ቀጥሎ በ0.01 ሲጨመር 1 እንደሚመጣ ይናገራል። ከ0.999 ቀጥሎ በ0.001 ሲጨመር ምን እንደሚመጣ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ማስተካከሉ መፈጸሙን የማውቀው በዚህ ነው፤ ልጁ አይቶት በማያውቀው ቦታ ላይ ትንቢቱ ከያዘለት፣ የተቀየረው አንድ መልስ ሳይሆን መልስ የሚያወጣው ነገር ነው።

ዜሮ መጨመር የሚሸፍነው

በየክፍሉ የሚሰጥ አንድ አቋራጭ አለ። 0.4 እና 0.25ን ለማወዳደር «አሃዞቹን እኩል አድርግ፣ 0.4ን 0.40 ብለህ ጻፈው፣ ከዚያ አወዳድር» ይባላል። ልጁ 40 ከ25 ይበልጣል ይላል፣ መልሱ ትክክል ይሆናል። ዘዴው በሒሳብ ረገድ እንከን የለበትም፤ የሚያወዳድረው 40 መቶኛን ከ25 መቶኛ ጋር ነው።

ከልጁ በኩል ሲታይ ግን የሆነው ሌላ ነው። አዲሱ ጥያቄ ተለውጦ ለአሮጌው ሕግ እንዲመች ሆኗል። ልጁ አሁንም የሚያወዳድረው ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ነው፤ የተጨመረችው ዜሮ ቁጥሮቹን ለሙሉ ቁጥር ሕግ አዘጋጀችለት እንጂ ሕጉን አልነካችም። ይህ ማስተካከልን የሚያስቀር ማዋሃድ ነው፤ ጉዳቱም ራይት ይዞ መምጣቱ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ልጁንም መምህሩንም የሚያናውጥ ነገር አይኖርም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አባባል ለዚህ ሳይነገር አልቀረም።

መሸፈኑን ማጋለጥ ከባድ አይደለም። ዜሮ መጨመርን በደንብ ለሚሠራ ልጅ 0.4 እና 0.40 እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «0.40 ይበልጣል» ካለ ዜሮዋን የጨመራት ትርጉሟን ሳያውቅ ነው። ሌላው መንገድ ከ0 እስከ 1 ያለ የቁጥር መስመር ስሎ 0.4ን እና 0.25ን እንዲያስቀምጥ መስጠት ነው። መስመሩ ላይ የሚጨመር ዜሮ የለም፤ 0.4ን 0 አጠገብ፣ 0.25ን መሐል ላይ ካደረገ አሮጌው ሕግ ሳይነካ ተቀምጧል። ዘዴውን ጨርሶ ይከልከል አልልም። ልጁ አንድ አስረኛ አሥር መቶኛ መሆኑን በእጁ ነክቶ ካወቀ በኋላ ቢመጣ 0.40 ለእሱ አሳጥሮ የመጻፊያ መንገድ ብቻ ነው።

አነባበብም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። 0.25ን «ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት» ብለን ስናነብለት የሙሉ ቁጥሩን ሕግ በጆሮው እያስገባንለት ነው። «ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት» ወይም «ሁለት አስረኛና አምስት መቶኛ» ማለት ይሻላል። በገንዘብ ብቻ ማስተማርም እንዲሁ ነው። ዋጋ ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ስለሚኖር የሙሉ ቁጥር ሕግ አንድም ጊዜ አይሳሳትም፤ ልጁ ነጥቡን ትልቁን ገንዘብ ከሳንቲሙ የምትለይ አጥር አድርጎ ይይዛታል።

በወረቀት ቁራጭ

ታዲያ ቦታውን የሚይዘው አዲስ አስተሳሰብ ከየት ይመጣል? ካልኩሌተሩ አሮጌው እንደማይሠራ ያሳያል፣ ለምን እንደማይሠራ ግን አያሳይም። ለዚህ የሚመቸኝ ቁስ ርዝመት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የወረቀት ጥብጣብ ይዘጋጅና «አንድ» ይባል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ቁራጮች፣ 1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሃያ ያህል ትንንሽ ቁራጮች ይቆረጡ። ሜትር፣ ሳንቲ ሜትር የሚሉት ስሞች ግን በልጁ ፊት አይነሱ። ከተነሱ 1.5 ለእሱ «አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር» ይሆናል፤ ያው ሁለት ሙሉ ቁጥር በነጥብ ተለይቶ ይመለሳል።

ልጁ በመጀመሪያ አሥሩ ቁራጮች ጥብጣቡን በትክክል እንደሚሸፍኑ፣ አሥሩ ትንንሾችም አንዱን ቁራጭ እንደሚሸፍኑ ራሱ ደርድሮ ይይ። ይህ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ መዝለል ግን አይገባም፣ «አሥር ሲሞላ» የሚለው ነገር የሚወለደው እዚህ ነው። ቀጥሎ 0.4 እና 0.25 ይሰጡትና የሚበልጠውንና ምክንያቱን ይጻፍ። ከጻፈ በኋላ ይሥራቸው፤ 0.4 አራት ቁራጭ፣ 0.25 ሁለት ቁራጭና አምስት ትንንሽ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ 0.25 ከ0.4 ግማሽ ጥቂት ብቻ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው «የትኛው ይበልጣል?» አይደለም፣ እሱን ዓይኑ አይቶታል፤ «25 ከ4 ይበልጣል ብለህ ነበር፣ 25ቱ የት አሉ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ቁራጮች ሃያ ትንንሽ እንደሆኑ፣ 0.4 ውስጥ ደግሞ አርባ ትንንሽ እንዳሉ ያገኘ ልጅ የተጨመረችውን ዜሮ ራሱ አገኛት ማለት ነው።

ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። መምህሩ ቁራጮቹን ራሱ ደርድሮ ካሳየ ልጁ የሚያየው የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ትንቢቱም አልተፈተነም። የመጀመሪያው ጥያቄ 0.75 እና 0.5 ከሆነ ቁራጮቹ የአሮጌውን ሕግ መልስ ያጸድቁለታል። በተቃራኒው ነገሩ ከልጁ እጅግ ከራቀም አያናውጥም። በሙሉ ቁጥር ውስጥ አሥር አንዶች አንድ አሥር እንደሚሆኑ ገና በደንብ ያልገባው ልጅ 0.0375 ቢሰጠው ለመቃወም የሚያበቃ ግምት የለውም፤ «እሺ» ብሎ ይጽፋል፣ ነገ ይረሳል። መናጋት የሚመጣው አጥብቆ የሚጠብቀው ነገር ካለው ልጅ ዘንድ ነው።

ደግሞ አሮጌው ሕግ አይሞትም፤ ለሙሉ ቁጥር ዛሬም እውነት ነውና መሞትም የለበትም። የተማሩ አዋቂዎች እንኳ ረጅሙ ቁጥር ትንሽ የሆነባቸውን ጥንዶች ሲያወዳድሩ ረጅሙ ትልቅ ከሆነባቸው ይልቅ ጥቂት እንደሚዘገዩ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ሦስቱን ጥንዶች ያገኘ ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በተለይ የሙሉ ቁጥር ሥራ ሲበዛበት ቆይቶ፣ እንደገና ቢጠየቅና ወደ 4.63 ቢመለስ ሊያስደንቀን አይገባም። ልጁ ሊለምደው የሚገባው የትኛው ሕግ የት እንደሚሠራ መለየትን ነው።

ይህንንም ካለፈ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በ0.3 እና በ0.4 መካከል ስንት ቁጥር አለ? በሙሉ ቁጥር ሕግ ያለ ልጅ «ምንም» ይላል፣ ከ3 ቀጥሎ 4 ነውና። ቁራጮቹን በደንብ የሠራው ልጅ ጥቂት አስቦ «ዘጠኝ» ይላል፤ 0.31፣ 0.32 እያለ እስከ 0.39 ይቆጥራል። መልሱ በራሱ ያገኘው አዲስ ዕውቀት ውጤት ነው፣ ያም አዲስ ዕውቀት አሁን በተራው ሁሉን የሚያዋህድ አሮጌ ሆኗል። 0.315ን ጽፎ «ይህስ?» ማለት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው።